ከሞተ ባትሪ የሚወጣው ማዕድን

የሊቲየም ባትሪ ሞተ ሲባል ያለቀው ኃይል የማጠራቀም አቅሙ ነው። የተሠራበት ኮባልት፣ ሊቲየም፣ መዳብና አሉሚኒየም ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው መጠን አሁንም እዚያው ውስጡ አለ። ለዓመታት ሲሞላና ሲራገፍ የተበላሸው የማዕድናቱ አቀማመጥ ነው፤ የሊቲየሙ ከፊል በግራፋይቱ ገጽ ላይ በተጋገረ ስስ ቅርፊት ተይዞ ይቀራል፣ የካቶዱ ቅንጣቶችም ይሰነጣጠቃሉ። ይህን የተበላሸ አቀማመጥ አፍርሶ እያንዳንዱን ማዕድን ለየብቻው ማውጣት ይቻላል። ምን ያህሉ እንደሚወጣ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የባትሪው ዓይነት፣ ሌላው ደግሞ ባትሪው ከተጠቃሚው እጅ ወጥቶ ፋብሪካ እስኪገባ ድረስ ያለፈበት መንገድ ነው።

የስልክ ባትሪ በውስጡ ደጋግሞ የተጠቀለለ ባለሦስት ድርብ ጥቅል ይዟል። አንደኛው ድርብ ከፀጉር በቀጠነ የመዳብ ቅጠል ላይ የተቀባ ግራፋይት ሲሆን አኖድ ይባላል። ሌላው በአሉሚኒየም ቅጠል ላይ የተቀባ፣ ሊቲየም ያለበት ጥቁር ዱቄት ነው፤ ይህኛው ካቶድ ነው። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመሐላቸው ስስ የፕላስቲክ መጋረጃ ይገባል። ጥቅሉ በሙሉ ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ ርሷል። ይህ ፈሳሽ እንደ ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠል ሲሆን፣ የሟሟበት የሊቲየም ጨው ደግሞ ፍሎሪን አለው። ፍሎሪኑ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሳንባንና ቆዳን የሚያቃጥል አሲድ ይሆናል። ስለዚህም ባትሪን በቢላዋ ወይም በጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቆ መክፈት ከእሳቱ ሌላ የጋዝ አደጋም አለው።

በስልክ ባትሪ ውስጥ ካቶዱ ብዙውን ጊዜ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነው። ከዚህ ዱቄት ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ኮባልት፣ 7 በመቶ ያህሉ ሊቲየም፣ ቀሪው ኦክስጅን ነው። 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ ቢወሰድ፣ ያን ያህል ኃይል ለመያዝ 17 ግራም ገደማ የካቶድ ዱቄት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በውስጡ 10 ግራም ያህል ኮባልትና ከአንድ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሊቲየም አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ 9 ግራም ያህል ግራፋይት፣ ጥቂት ግራም መዳብና አሉሚኒየም ይጨመራል። አሥር ግራም በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ምንም አይደለም። አንድ መቶ ሺህ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ሲሰበሰቡ ግን አንድ ቶን ኮባልትና 120 ኪሎ ሊቲየም ይሆናሉ። የኮባልት ማዕድን በብዙ ቦታ ሲቆፈር ከድንጋዩ ውስጥ ኮባልት የሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የስልክ ባትሪ ግን ከመቶ ሃያ እጁ ገደማ ኮባልት ነው። አብዛኛው የዓለም ኮባልት ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ጉድጓዶች እንደሚወጣ፣ ከፊሉም በእጅ እንደሚቆፈር ሲታሰብ የዚህ ልዩነት ክብደት ይበልጥ ይታያል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከዚህ ይለያል። አንዳንዶቹ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የተቀላቀሉበት ካቶድ አላቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ይጠቀማሉ። የኋለኛው ዓይነት ርካሽና በሙቀት የተሻለ ጽናት ያለው በመሆኑ በፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያዎች፣ በአውቶቡሶችና በብዙ የቻይና መኪኖች ውስጥ ይገኛል። ኮባልትም ኒኬልም የለውም። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የዚህ ዓይነት የመኪና ባትሪ 120 ኪሎ ገደማ የካቶድ ዱቄት ሲኖረው፣ ከዚያ ውስጥ ከ40 ኪሎ በላይ የሚሆነው ተራ ብረት ነው፤ ሊቲየሙ ከ5 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። የሁለቱም ካቶዶች ታሪክ ከአንድ ሰው ጋር መያያዙ የሚገርም ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆኑት ጆን ጉድኢናፍ በ1980 ኦክስፎርድ ውስጥ በኮባልቱ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ በብረት ፎስፌቱ ካቶድ ላይ የተሠራውን ምርምር መርተዋል። ለመልሶ ማምረቻ ፋብሪካ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። የመጀመሪያው በውስጡ ባለው ኮባልት የራሱን ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ባትሪው ፋብሪካ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መለየት ነው። ቀጥሎ በውስጡ የቀረው ኃይል ተራግፎ ይወጣል፤ ትልልቆቹ ባትሪዎች ሲራገፉ ኃይላቸው ወደ ፋብሪካው መስመር ሊመለስም ይችላል። ከዚያ ባትሪው መቁረጫ ማሽን ውስጥ ይገባል። እሳት እንዳይነሳ ማሽኑ ኦክስጅን በሌለበት ናይትሮጅን ተሞልቶ ወይም በውኃ ሥር ሆኖ ይሠራል። የተቆራረጠው ነገር ይደርቃል፤ ማግኔት የብረት ሽፋኖችን ይስባል፤ ወንፊትና የአየር ንፋስ የፕላስቲኩን ቁርጥራጭ፣ የመዳቡንና የአሉሚኒየሙን ቅጠል ይለያሉ። ከወንፊቱ ሥር የሚቀረው ደቃቅ ጥቁር ዱቄት ነው። የአኖዱ ግራፋይትና የካቶዱ ማዕድን ተቀላቅለው ያሉት በዚህ ዱቄት ውስጥ ነው፤ የባትሪው ዋጋ አብዛኛው እጅም እዚሁ ነው። በዓለም ገበያ የሚሸጠውና የሚገዛው፣ ከአገር አገርም የሚጓዘው ይኸው ጥቁር ዱቄት ነው።

ከጥቁሩ ዱቄት ማዕድኑን ለማውጣት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የእሳት መንገድ ነው። ቤልጂየም ውስጥ በአንትወርፕ አጠገብ በሆቦከን የሚገኘው የኡሚኮር ፋብሪካ ከታወቁት አንዱ ነው። በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ምድጃ ውስጥ ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ ቀልጠው በአንድነት ከታች ይጠራቀማሉ። ፕላስቲኩ፣ ኤሌክትሮላይቱና ግራፋይቱ ይቃጠላሉ። ሊቲየሙና አሉሚኒየሙ ከላይ በሚንሳፈፈው አር ውስጥ ይቀራሉ። የዚህ መንገድ ጥቅሙ የተለያዩ ባትሪዎች ተቀላቅለው ቢመጡም ብዙ አለመቸገሩ ነው። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ ግራፋይቱ ይጠፋል፣ ሊቲየሙንም ከአሩ ለማውጣት ተጨማሪ ሥራና ወጪ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአሲድ መንገድ ነው፤ ሊቲየሙን ለማዳን የሚሻለውም ይህኛው ነው። ጥቁሩ ዱቄት ሞቅ ባለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል። አሲዱ ብቻውን ግን ካቶዱን በደንብ አይፈታውም፤ በካቶዱ ውስጥ ያለው ኮባልት በቀላሉ በማይሟሟ መልክ ስለተያዘ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨመርበታል። እሱ ኮባልቱን ወደሚሟሟ መልክ ይቀይረዋል፤ ፈሳሹም ሐምራዊ ወደ መሆን ይሄዳል። የማይሟሟው ግራፋይት ተጣርቶ ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ትዕግሥት የሚጠይቅ የማለያየት ሥራ ነው። የፈሳሹ አሲድነት ቀስ በቀስ ሲቀንስ አስቀድመው ብረትና አሉሚኒየም ይዘቅጣሉ፤ መዳብም በራሱ መንገድ ይወጣል። ከዚያ አንዱን ብረታ ብረት ለይተው የሚይዙ ቅባት መሰል ኬሚካሎች ከፈሳሹ ጋር እየተናጡ ማንጋኒዙን፣ ኮባልቱንና ኒኬሉን በየተራ ይዘው ይወጣሉ። ኮባልቱና ኒኬሉ ሰልፌት ሆነው በጥራጥሬ መልክ ይደርቃሉ፤ አዲስ ካቶድ የሚሠራ ፋብሪካም የሚፈልገው በዚሁ መልክ ነው።

ሊቲየም መጨረሻ ይቀራል። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ሲያልቁ ፈሳሹ ይፈላና ሶዳ አሽ ይጨመርበታል፤ ሊቲየም ካርቦኔት ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ፈሳሹ መሞቁ ምክንያት አለው። አብዛኞቹ ጨዎች በሙቅ ውኃ ይበልጥ ሲሟሙ ሊቲየም ካርቦኔት ግን በሙቅ ውኃ ያነሰ ነው የሚሟሟው፤ ስለዚህ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ከፈሳሹ የሚወጣው ይበዛል። ቀደም ሲል ለተጠቀሱት አንድ መቶ ሺህ የስልክ ባትሪዎች፣ 120 ኪሎው ሊቲየም ሙሉ በሙሉ ቢወጣ 640 ኪሎ ያህል ሊቲየም ካርቦኔት ይሆናል። በተግባር ሙሉ በሙሉ አይወጣም። በየደረጃው በተጣራው ዝቃጭ ውስጥ እየረጠበ የሚቀር ሊቲየም አለ፤ ረጅሙን መንገድ የተጓዘና የመጨረሻ የሆነው ማዕድን ብዙ ይንጠባጠባል።

ይህ ልዩነት በሕግም ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የባትሪ ደንብ መልሶ ማምረቻዎች እስከ 2027 መጨረሻ ከኮባልት፣ ከኒኬልና ከመዳብ 90 በመቶውን እንዲያወጡ ሲያስገድድ፣ ከሊቲየም የጠየቀው 50 በመቶ ብቻ ነው። በ2031 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ወደ 95፣ ሊቲየም ወደ 80 በመቶ ከፍ ይላሉ። ይኸው ደንብ ከነሐሴ 2031 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የሚሸጡ የመኪና ባትሪዎች ውስጥ ካለው ኮባልት 16 በመቶው፣ ከሊቲየሙና ከኒኬሉም 6 በመቶው ከባትሪ ማምረቻ ተረፈ ምርት ወይም ከዚህ ቀደም ጥቅም ላይ ከዋለ ዕቃ የተገኘ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አምራቾች የተመለሰውን ማዕድን እንዲገዙ የሚያደርግ ግዴታ ነውና፣ ከሁሉም አንቀጾች ይህኛው ብዙ የሚለውጥ ይመስላል።

በፋብሪካው ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ ምንም ያህል የተዋጣ ቢሆን በሩ ላይ ያልደረሰ ባትሪን ሊረዳ አይችልም። የደረሰውም ቢሆን እንዴት እንደደረሰ ይታያል። የብረት ፎስፌት ባትሪ ከኮባልት ባትሪ ጋር ተደባልቆ ሲፈጭ ዱቄቱ በብረትና በፎስፌት ይበረዛል፤ በአሲዱ መንገድ ላይ የሚዘቅጠው ጭቃ ይበዛል፣ ጭቃው ደግሞ ኮባልትና ሊቲየም ይዞ ይቀራል። የዱቄቱ ዋጋ የሚተመነው በውስጡ ባለው የኮባልት፣ የኒኬልና የሊቲየም መጠን ስለሆነ፣ ሳይለይ የተሰበሰበ ክምር ተለይቶ ከተሰበሰበው ያነሰ ገንዘብ ያመጣል። ዓይነቱን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ባትሪው ሳይፈጭ፣ ጽሑፉ ሳይነቀል ነው። የብረት ፎስፌት ባትሪ እያንዳንዱ ክፍል 3.2 ቮልት ሲሆን የኮባልቱ ከ3.6 እስከ 3.85 ቮልት ነው፤ LiFePO4 ወይም LFP የሚል ጽሑፍም ይኖርበታል። ያ ጽሑፍ ከጠፋ በኋላ ለመለየት የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከዋጋው በላይ ግን የእሳቱ ጉዳይ አለ። ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ ያ ስስ የፕላስቲክ መጋረጃ ይቀደድና አኖዱና ካቶዱ ይነካካሉ። በነካካበት ነጥብ ሙቀት ይነሳል። ሙቀቱ 130 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መጋረጃው ራሱ መቅለጥ ይጀምራልና መነካካቱ ይሰፋል። ከዚያ በላይ ሲግል የኮባልቱ ካቶድ ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል። እሳቱ ከውጭ አየር ቢከለከልም ከውስጥ የሚቀበለው ኦክስጅን አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው በአሸዋ ወይም በብርድ ልብስ ታፍኖ የጠፋ የመሰለ የባትሪ እሳት ከሰዓታት በኋላ እንደገና የሚነሳው። የሞተ ባትሪም ከዚህ አያመልጥም፤ ስልክ «ባትሪ አልቋል» ብሎ ሲጠፋ በውስጡ የተወሰነ ኃይል ይቀራል።

ከቤት ቆሻሻ ጋር የተጣለ ባትሪ መጀመሪያ የሚጠብቀው የቆሻሻ መኪናው መጭመቂያ ነው። ቀጥሎ የማከማቻው ዶዘር ይመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ2013 እስከ 2020 ድረስ በ64 የቆሻሻ ማስተናገጃ ተቋማት በሊቲየም ባትሪ የተነሱ ወይም ሊነሱ እንደሚችሉ የተገመቱ 245 የእሳት አደጋዎችን መዝግቧል። ከካርቶንና ከፕላስቲክ መሐል የተደበቀ አንድ የስልክ ባትሪ ይበቃል። የተቃጠለው ባትሪ ማዕድን ከአመዱ ጋር ይቀራል፤ ያልተቃጠለውም ዝገቱ ሲበላው ፍሎሪን ያለበት ፈሳሹና ብረታ ብረቱ ወደ አፈርና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይከፈታል።

መሰብሰብ ብቻውንም አይበቃም። በሰኔ 2021 መጨረሻ እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ግዛት ሞሪስ በምትባል ከተማ፣ ቀድሞ የወረቀት ፋብሪካ በነበረ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የተከማቸ ከ80 ቶን በላይ የሊቲየም ባትሪ ተቃጠለ። ከትንንሽ የስልክ ባትሪ እስከ መኪና ባትሪ ድረስ የተቀላቀለ ክምር ነበር፤ የከተማዋ ባለሥልጣናትም ክምሩ እዚያ መኖሩን ያወቁት እሳቱ ሲነሳ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ውኃ እሳቱን ያባብሰዋል ብለው ስለሰጉ በመጀመሪያ ደረቅ ኬሚካል ረጩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ 28 ቶን ደረቅ ሲሚንቶ በክምሩ ላይ አፍስሰው ቀበሩት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ባትሪዎቹ ተሰብስበው ነበር፤ ያልነበረው ዓይነትን መለየት፣ በመሐላቸው ርቀት ማድረግ፣ መጠኑን መገደብና ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት አደጋ የእርሳስ ባትሪ ንግድ ውስጥ ነው። ባለ 12 ቮልት የብረት ፎስፌት ባትሪ ከውጭ ሲታይ ተራውን የመኪና ባትሪ ይመስላል፤ መያዣው፣ ምሰሶዎቹ፣ መጠኑም አንድ ዓይነት ነው። የእርሳስ ባትሪ ቀላጮች ካገኙት ጋር አደባልቀው ቢፈጩት ወይም ምድጃ ውስጥ ቢያስገቡት ይፈነዳል። ለመለየት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ። አንደኛው ክብደት ነው፤ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ሲመዝን የሊቲየሙ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው የተጻፈው ቮልት ነው፤ 12.8 የሚል ቁጥር ካለበት ሊቲየም ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ቅርብ ጉዳይ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በሊቲየም ባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች በብዛት ገብተዋል። የፀሐይ መብራቱና ስልኩም ገጠር ድረስ ዘልቋል። አሮጌ ዕቃ በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው ቆራሌው፣ ከእሱም የሚረከቡት የምናለሽ ተራ ነጋዴዎች ብረትን፣ ፕላስቲክንና የእርሳስ ባትሪን ለረጅም ዘመን ሰብስበዋል፤ የሊቲየም ባትሪም በዚሁ እጅ ማለፉ አይቀርም። ችግሩ የስልክ ባትሪ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዋጋ የሌለው መምሰሉ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከጥቁሩ ዱቄት ኮባልትና ሊቲየም የሚለይ ፋብሪካ ግን ትልቅ ገንዘብና በየዓመቱ በሺህ ቶን የሚቆጠር አቅርቦት ይጠይቃል። ስለዚህ ለብዙ አገሮች ያለው መንገድ ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ ምናልባትም ፈጭቶ ወደ ውጭ መላክ ነው። ለማስወገድ ወይም ለመልሶ ማምረት የሚላክ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በየብስና በመርከብ ሲሄድም እንደ አደገኛ ዕቃ ይመዘገባል። ወደብ ለሌለው አገር ይህ ማለት አንድ ኮንቴይነር እስኪሞላ ድረስ ባትሪውን ለወራት በደህና ማቆየት ነው።

ደህና ማቆየት ከቤት ይጀምራል። የወጣ ባትሪ የብረት ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም ሌላ ባትሪ ነክቶ እንዳያገናኛቸው ነው። ጥላና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ በብረት ሣጥን ውስጥ አይከተትም። የተነፋ፣ የተጣመመ ወይም ጣፋጭ የመሰለ የኬሚካል ሽታ ያለው ባትሪ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። የተነፋው ጋዝ ስለፈጠረ ነውና በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በጥገና ሱቅ ወይም በሰብሳቢ መጋዘን ደግሞ የስልኩ፣ የመኪናውና የፀሐይ ማጠራቀሚያው ባትሪ ለየብቻ በትንንሽ ዕቃ ይያዛል፤ ቮልቱና ዓይነቱ የተጻፈበት ወረቀት አይቀደድም፤ የተጎዳው ከደህናው ጋር አንድ ቀን እንኳ አብሮ አያድርም። መኪናው ተጋጭቶ ከሆነ ባትሪው ደህና ቢመስልም ለቀናት ሜዳ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ በግጭቱ የተጎዳ ክፍል ዘግይቶ ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላልና።